ማንቆርቆሪያው ሲዘገይ መጀመሪያ ቮልቴጁን ጠርጥሩ

ድሬዳዋ ውስጥ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውሃ የምታፈሉ ሁሉ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ስሌት ሞክሯት።

1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ፣ 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ 26 ዲግሪ ላይ ያለ 1.5 ሊትር ውሃ 70 ዲግሪ መጨመር አለበት፤ ይህም 441 ኪሎጁል ነው። የ2,000 ዋት ማንቆርቆሪያ በሰከንድ 2 ኪሎጁል ስለሚሰጥ፣ በወረቀት ላይ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይበቃል።

በተግባር ግን ይረዝማል። ዕቃው ራሱ መሞቅ አለበት፣ በግድግዳውና በእንፋሎቱም ሙቀት ይወጣል፤ ማጥፊያውም የሚሠራው እንፋሎቱ ሲደርሰው ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ቮልቴጁ ነው። ማንቆርቆሪያው 2,000 ዋት የሚሰጠው 220 ቮልት ሲያገኝ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ወደ 190 ከወረደ፣ ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ስለሆነ 1,490 ዋት ገደማ ብቻ ይቀራል። ያው ውሃ ያለምንም ብክነት እንኳ 5 ደቂቃ ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው።

እኩል ውሃ ለክታችሁ ንጋት ላይና ማታ ሰዓት ያዙ። ማታ ብቻ ከዘገየ ዕቃችሁ ደህና ነው። ሁልጊዜ ከዘገየና ሶኬቱም ከጋለ ግን ግንኙነቱ ላልቷል፤ ነቅላችሁ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩት።