ፔቲ ካሽ ስትሞሉ ደረሰኙን በየአካውንቱ ለዩት

ደረሰኙ የተለያየ ወጪ ሲሆንባችሁ በቀን ሳይሆን በአካውንት ደርድሩት፣ አንዱ ደረሰኝ ላይ ወረቀትም ሳሙናም ካለ በየመስመሩ ከፍላችሁ ደምሩ። ለምሳሌ ጎንደር ያለ ቢሮ ፈንዱ 5,000 ብር ነው እንበል፣ ከፒያሳ አዘዞ የባጃጅ 1,200፣ የጽህፈት መሳሪያ 1,850፣ የመስተንግዶ 1,420፣ ድምሩ 4,470፣ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የቀረው 510 ነው። ሶስቱን ወጪ ለየብቻ ዴቢት፣ የጎደለችውን 20 ብር ካሽ ሾርት ኤንድ ኦቨር ላይ ዴቢት፣ ባንክን 4,490 ክሬዲት። ፔቲ ካሽ አካውንቱን አትንኩት!! ወጪው የሚመዘገበው ገና አሁን ስለሆነ እሱን ክሬዲት ካደረጋችሁት ሳጥኑ 5,000 ሆኖ ሌጀሩ ላይ 510 ያሳያችኋል። የሚነካው ፈንዱን ራሱን ስታሳድጉ ወይ ስትቀንሱ ብቻ ነው።