«በጣም ጥሩ አገልግሎት ነው» ብቻ የሚል ምስክርነት ሲመጣ

ችግር፦ ሥራው አልቋል፣ ደንበኛው ተደስቷል። ለዌብሳይታችሁ ምስክርነት ስትጠይቁት ግን በቴሌግራም «በጣም ጥሩ አገልግሎት ነው፣ እናመሰግናለን» ብሎ ይልካል። ከዚህ ኬዝ ስተዲ፣ ማለትም የደንበኛው ችግር እንዴት እንደተፈታ የሚተርክ ጽሑፍ፣ አይወጣም።

ምክንያት፦ ጥፋቱ የጥያቄያችን ነው። «አስተያየት ስጡን» የተባለ ሰው ያመሰግናል እንጂ አይተርክም።

መፍትሄ፦ ሄዳችሁ በቅደም ተከተል ጠይቁ። ገላን ያለ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ስብራት አስቸግሮት አማክረነው ነበር፤ ያደረግነውም ውሃ የማጠጫውን ሰዓት በወረቀት ማስያዝና ሰባት ቀን ያልሞላው ብሎኬት እንዳይጫን ማድረግ ነው። ባለቤቱም መጀመሪያ ያችኑ አንድ መስመር ላኩ። ግቢያቸው ሄጄ፣ አስፈቅጄ ስልኬን መቅጃ ላይ አደረግኩና «ጋሼ፣ እኛን ከመጥራትዎ በፊት ጠዋቱ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ስባሪውን ነው። ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጆቹ እየለዩ ይጭናሉ፣ በቃ ግማሽ ቀን ሄደ።»

የጽሑፉ መግቢያ ይኸው ሆነ፣ አንድም ቃል ሳይነካ። ቀጥሎ ምን ሞክረው እንደነበር፣ እኛን ለመቅጠር ምን እንዳጠራጠራቸው፣ አሁን ምን በተለየ መንገድ እንደሚሠሩ ጠየቅኩ። የጥርጣሬውን ጥያቄ በፍጹም አትዝለሉት። እሳቸው «ወረቀት ሰጥታችሁን የምትጠፉ መስሎኝ ነበር» አሉኝ፤ ዌብሳይታችሁን የሚያየው ቀጣዩ ደንበኛም የሚፈራው ይህንኑ ነው።

ችግር፦ «ስብራት ቀንሷል» ተባለ፣ በስንት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ምክንያት፦ ሥራው ሲጀመር አልተለካም።

መፍትሄ፦ ደብተር ፈልጉ። እኛን ያዳነን ፎርማኑ የተጫነውንና የተሰበረውን የሚጽፍበት ደብተር ነው። ከሥራው በፊት የነበሩትን ሁለት ሳምንታትና ከሥራው በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ደመርን፤ ከመቶው 11 ይሰበር የነበረው 4 ሆኗል። በዚያው ወር የአሸዋ አቅራቢም ቀይረው ስለነበር እሱንም ጻፍነው፣ ምክንያቱም ለውጡን ሁሉ ለራሳችን መውሰድ ልክ አይደለም። ደብተር ከሌለ «በባለቤቱ ግምት» ብላችሁ ጻፉ። ለሚቀጥለው ደግሞ ሥራችሁ ይለውጠዋል የምትሉትን አንድ ቁጥር ውል በተፈረመበት ቀን መዝግቡ።

ችግር፦ ጽሑፉ ከወጣ በኋላ «አጥፉልኝ» የሚል ስልክ ይደወላል።

ምክንያት፦ «እሺ» የተባለው በአፍ ነው፣ ደንበኛውም ምን እንደሚወጣ አላየም።

መፍትሄ፦ ረቂቁን ላኩለት፣ ማንበብ ካልተመቸው በስልክ አንብቡለት። ለስሙ፣ ለፎቶውና ለቁጥሮቹ ለየብቻ ፈቃድ ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን፣ የቴሌግራም መልእክትም ይበቃል። ሽያጬ በብር ይውጣ የሚል ባለቤት ብዙም አላገኘሁም፣ የስብራት ቁጥር ግን ማንንም አያስጨንቅም። ስሜ አይውጣ ካለ ሎጎውም፣ ታፔላው የሚታይበት ፎቶም አይወጣም።

የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት ስማቸው እንዲወጣ ተስማሙ፣ የሠራተኞቹን ብዛት ግን ከረቂቁ አሰረዙ። ፎቶው ላይ የአንድ ደንበኛቸው መኪና ታርጋ ይታይ ስለነበር በማግስቱ ተመልሼ ሌላ አነሳሁ።