ክብ መሆን የነበረበት ፖላራይዜሽን ኢሊፕስ ሲሆን

633 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር በፖላራይዘርና በሩብ ሞገድ ፕሌት አልፎ ክብ ፖላራይዜሽን መስጠት ነበረበት። ከፕሌቱ በኋላ ያለው ሁለተኛው ፖላራይዘር ሲዞር ግን የብርሃኑ ኃይል ከ2.5 እስከ 1.5 ሚሊዋት ተለዋወጠ። ክብ ቢሆን ኖሮ 2.0 ላይ ይጸና ነበር።

ማንኛውም ፖላራይዝድ ብርሃን በፕሌቱ ፈጣንና ዘገምተኛ ዘንጎች ላይ የሚወዛወዙ የሁለት ቀጤ ነክ ክፍሎች ድምር ነው። ፕሌቱ መጠናቸውን አይነካም፤ አንዱን ከሌላው ያዘገየዋል እንጂ። ክብ የሚገኘው ሁለቱ እኩል ሲሆኑና መዘግየቱ ልክ 90 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል ኢሊፕስ ይወጣል።

የትኛው እንደተጓደለ የሚናገረው የኢሊፕሱ አቅጣጫ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው ሳያይ ያልፋል። ከፍተኛው ንባብ በፕሌቱ ዘንግ ላይ ከሆነ ክፍሎቹ እኩል አይደሉም፤ ፕሌቱን 45 ዲግሪ ላይ ማስተካከል ይበቃል። እዚህ ግን ከፍተኛው በመጀመሪያው ፖላራይዘር አቅጣጫ፣ ማለትም ከዘንጎቹ 45 ዲግሪ ርቆ ተገኘ። ስለዚህ ስህተቱ መዘግየቱ ላይ ነው፤ ፕሌቱን ማዞር አያድነውም። መዘግየቱ δ ከሁለቱ ንባቦች ይሰላል፦

```
cos δ = (2.5 − 1.5) / (2.5 + 1.5) = 0.25
δ ≈ 75.5°
90° × 532 / 633 ≈ 75.6°
```

ፕሌቱ ለ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር የተሠራ ነበር፤ በ532 ላይ 90 ዲግሪ የሚያዘገይ ፕሌት ሞገዱ ወደ 633 ሲረዝም የሚያዘገየው 75.6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በ633 ፕሌት ተተካ። ፖላራይዘሮቹ ተሻግረው ብርሃኑ ሲጠፋ አዲሱ ፕሌት በመካከላቸው ገባ፤ እንደገና እስኪጨልም ዞረ፤ ከዚያ 45 ዲግሪ ተጨመረ። አሁን ሁለተኛው ፖላራይዘር በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ንባቡ 2.0 አካባቢ ይቆያል።