የተጣራ የኪራይ ገቢዎ ድንገት ሲያሽቆለቁል፦ ጥገናና ማሻሻያ የተቀላቀሉበትን ሂሳብ ማቃናት

ምልክቱ

ኪራዩ አልቀነሰም፣ ቤቱም ባዶ አልከረመም። ግብር የሚከፈልበት የተጣራ ገቢ ግን ከአምናው በብዙ ወርዷል። ዝርዝሩን ሲያዩ «ጥገና» የሚለው ሂሳብ አብጧል። የግብር መርማሪም መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ መስመር ነው።

አንድ አከራይ በዓመት 240,000 ኪራይ ይሰበስባል እንበል። ለኢንሹራንስና ለንብረት ግብር 16,000 ከፍሏል። በጥገና ስር ደግሞ 186,000 መዝግቧል። ሁሉንም ሲቀንስ 38,000 ይቀረዋል። ለዋናው ቤት የሚያዘውን የእርጅና ቅናሽ ነገሩ እንዳይወሳሰብ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

ምክንያቱ

186,000ው ሲፈታ ሦስት ነገር ይወጣዋል። የተሰበሩ የጣሪያ ክዳኖች የተቀየሩበት 18,000፣ ቀለም የተቀባበት 24,000 እና በጓሮ በኩል አዲስ ክፍል የተሠራበት 144,000። ደረሰኞቹ ሁሉ እውነተኛ ናቸው፣ ገንዘቡም በትክክል ወጥቷል። ስህተቱ የተቀነሱበት ጊዜ ላይ ነው።

ጥገና ማለት የተበላሸውን ወደነበረበት መመለስ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ስለዚህ ወጪው በዚያው ዓመት ይቀነሳል። ማሻሻያ ግን ቤቱ ያልነበረውን ይጨምርለታል፦ ክፍል፣ ፎቅ፣ አዲስ አገልግሎት ወይም ረዘም ያለ ዕድሜ። ጥቅሙ ለብዙ ዓመታት ስለሚዘልቅ ወጪውም የካፒታል ወጪ ሆኖ በንብረት መዝገብ ይያዝና በየዓመቱ በእርጅና ቅናሽ በኩል በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል።

የወጪው ትልቅነት ብቻውን አይወስንም። ውድ ጥገና አለ፣ ርካሽ ማሻሻያም አለ። ሠራተኛው «ጥገና» ብሎ ደረሰኝ ላይ መጻፉም አይወስንም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሥራው በፊት የነበረው ቤት ምን ነበር፣ አሁንስ ምን ሆነ? አሮጌው ዕቃ ከገበያ ጠፍቶ በዘመኑ ተመጣጣኝ ዕቃ ቢተካ ብዙ አገሮች ያንን እንደ ጥገና ይቀበሉታል። ጣሪያው በሙሉ ሲቀየር ግን ሕጎች ይለያያሉ፣ እዚያ ላይ የራስን አገር ሕግ ሳያዩ መወሰን አይገባም።

መፍትሄው

ክዳኑ ቀላል ነው። የተሰበረው በመሰሉ ተተክቷል፣ 18,000ው ጥገና ነው። ክፍሉም አያከራክርም፣ 144,000ው ካፒታል ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለሙ ላይ ነው። ቀለም ጥገና ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ማንም አይመረምረውም። እዚህ ግን ቀቢው አሮጌዎቹንም አዲሱንም ክፍል በአንድ ዋጋ ቀብቷል። አዲሱን ክፍል መቀባት የግንባታው አካል ነው። ቢቻል ቀቢው ሂሳቡን ለይቶ እንዲጽፍ ይጠየቅ። ካልሆነ በስፋት ይከፋፈል። ከተቀባው 400 ካሬ ሜትር ግድግዳ 100ው የአዲሱ ክፍል ከሆነ፣ ከ24,000ው ሩቡ፣ ማለትም 6,000፣ ወደ ካፒታል ይሄዳል። የለካችሁበትን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ። በኋላ ሲጠየቅ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው።

እንግዲህ ጥገናው 36,000 (18,000 እና 18,000)፣ ካፒታሉ 150,000 ሆነ። የእርጅናው መጣኝ በየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ 5 በመቶ ከሆነ በዓመት 7,500 ይመጣል። ክፍሉ አገልግሎት የጀመረው በዓመቱ አጋማሽ ከሆነና ሕጉ በወር እንዲሰላ ካዘዘ፣ ለዘንድሮ ግማሹ 3,750 ይያዛል።

```
240,000 - 16,000 - 36,000 - 3,750 = 184,250
```

ከ38,000ው ጋር ያለው ልዩነት 146,250 ነው። ይህም ካፒታሉ ሲቀነስ የዘንድሮው እርጅና ማለት ነው (150,000 - 3,750)። ሁለቱ እኩል ካልመጡ አንድ ወጪ ሁለት ቦታ ተይዟል ወይም ከሁለቱም ጠፍቷል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ክፍሉ በንብረት መዝገብ ገብቶ ሳለ ከጥገናው ሂሳብ ሳይሰረዝ መቅረቱ ነው።

ምልክቱ ተገላቢጦሽ ሲሆን

የተጣራው ገቢ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ፣ የጥገናው መስመር ደግሞ ባዶ ከሆነ፣ መርማሪን ፈርተው የቧንቧ ጥገናውን ሳይቀር ወደ ካፒታል ወስደውታል ማለት ነው። ያኔ ዛሬ መቀነስ የሚገባው ወጪ ለዓመታት ይንጠለጠላልና ግብሩን ያለጊዜው ይከፍላሉ።

ሌላው፣ ቤቱ ሲገዛ ተጎሳቁሎ ነበር፣ ዋጋውም ለዚሁ ተቀንሶለታል፣ ከዚያ ተከራይ ሳይገባበት ታደሰ። ዕድሳቱ ጥገና ይመስላል። ነገር ግን ለኪራይ ብቁ እንዲሆን የወጣ ስለሆነ በብዙ ቦታ ከግዢው ዋጋ ጋር ተደምሮ እንደ ካፒታል ይታያል። ይህንን ለመለየት ዕድሳቱ ያለቀበትን ቀን ከመጀመሪያው የኪራይ ውል ቀን ጋር ማስተያየት ጥሩ መነሻ ነው።