«ዶ/ር» ከላይ፣ ስሙ ከታች፦ የመስመር መሰበር ችግርና መፍትሄው

ምልክቱ፦ ማዕረጉ መስመር መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቀራል፣ ስሙ ይወርዳል

«ዶ/ር» የመስመሩ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ «አልማዝ» ደግሞ የሚቀጥለውን መስመር ጀምራለች። ወይ «25» ከላይ ቀርቶ «ሚሊዮን» ወርዷል። አንባቢ 25 ብሎ አንብቦ፣ ዓይኑን አውርዶ፣ እንደገና ቁጥሩን ያርማል።

ኮምፒውተሩ ማዕረግ ምን እንደሆነ አያውቅም። መስመሩ ሲሞላበት የመጨረሻውን ስፔስ ይፈልግና እዚያ ይቆርጣል። ለእሱ ሁሉም ስፔስ አንድ ነው። እንዳይቆርጥ የምንፈልግበት ቦታ ላይ ሌላ ዓይነት ስፔስ ማስገባት አለብን፤ ኖን ብሬኪንግ ስፔስ ይባላል። ሲታይ ከተራው አይለይም፣ ግን ግራና ቀኙን አያላቅቅም።

በዎርድና በሊብሬኦፊስ (ዊንዶውስ ላይ) Ctrl+Shift+Space ነው። ማክ ላይ Option+Space። ተራውን ስፔስ አጥፍታችሁ በቦታው ይህን ትጫናላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ብዙ ሰው ይህን ችግር የሚፈታው በኢንተር ነው። «ዶ/ር» ፊት ላይ ኢንተር ይመታል፣ ስሙና ማዕረጉ አብረው ይወርዳሉ፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ አንድ ሰው ፎንቱን ይቀይራል ወይም አንድ ቃል ይጨምራል። የመስመሮቹ ቦታ በሙሉ ይሸሻል፣ ኢንተሩ ግን ያለበት ይቆያል። አንቀጹ መሃል ላይ ተቆርጦ ግማሽ መስመር ባዶ ይሆናል። ስፔስ ደርድሮ የሚገፋም አለ፤ እሱም ያው ነው።

Shift+Enter የሚጠቀመው ደግሞ «እኔ ትክክለኛውን ነው ያደረግኩት» ይላል። አንቀጹ ግራና ቀኙ እኩል የተስተካከለ ከሆነ ግን ያ መስመር እስከ ዳር ይለጠጣል። አራት ቃላት ገጹን ሞልተው ተራርቀው ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ሪፖርት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ዎርድ ላይ Ctrl+Shift+8 መጫን ነው፤ የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ። ተራ ስፔስ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ የማይቆረጠው ትንሽ ክብ ይሆናል። አላስፈላጊ ኢንተሮቹንም ያኔ ነው የምታዩአቸው። እነሱ ሳይጠፉ ሌላ ነገር አትንኩ።

ረጅም ሰነድ ከሆነ አንድ በአንድ መልቀም አያስፈልግም። ዎርድ ላይ Ctrl+H ክፈቱ። በ Find what ላይ «ዶ/ር» ጽፋችሁ አንድ ስፔስ ጨምሩ። በ Replace with ላይ ይህን ጻፉ፦

```
ዶ/ር^s
```

^s ለዎርድ የማይቆረጥ ስፔስ ማለት ነው። «ለዶ/ር» እና «የዶ/ር» አብረው ይስተካከላሉ፣ ምክንያቱም በውስጣቸው ያው «ዶ/ር» አለ። «Find whole words only» የሚለውን ግን አትምረጡ፤ ቅድመ ቅጥያ ያላቸውን ሊያልፋቸው ይችላል። ለ«ወ/ሮ»፣ ለ«ፕ/ር»፣ ለ«አቶ» ይህንኑ ድገሙ።

ለቁጥር ደግሞ Use wildcards ላይ ምልክት አድርጋችሁ፦

```
Find:     ([0-9]) (ሚሊዮን)
Replace:  \1^s\2
```

ሚሊዮን ባለበት «ዓ.ም» ወይም «ኪ.ሜ» ተኩ። «ገጽ 47» ሲሆን ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፦ መጀመሪያ (ገጽ)፣ ቀጥሎ ([0-9])።

«ሁሉንም ቀየርኩ፣ አሁንም ይለያያል» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ጸሐፊው ስፔስ ሁለቴ መትቷል። «ዶ/ር» እና «አልማዝ» መካከል ሁለት ስፔስ ካለ የመጀመሪያው ብቻ ይቀየራል፣ ሁለተኛው ተራ ሆኖ ይቀራል፣ መስመሩም እዚያ ይቆረጣል። ምልክቶቹን ስታወጡ ክብ ቀጥሎ ነጥብ ታያላችሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለት ስፔስን በአንድ ተኩ፤ ዎርድ የቀየረው ዜሮ ነው እስኪላችሁ ድገሙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ማዕረግን ከመጀመሪያ ስም ጋር ማሰር በቂ ነው። ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሁሉንም ካሰራችሁ ለዎርድ አንድ ረጅም ቃል ይሆንበታል። ያ ሁሉ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ያለው መስመር ባዶ ቦታ ይበዛበታል። ጠባብ የሠንጠረዥ ዓምድ ውስጥማ ጭራሽ አይሞከርም፤ የታሰረው ከዓምዱ ከረዘመ ቃሉ ራሱ መሃሉ ላይ ይቆረጣል።

ምልክቱ፦ «ኮቪድ-» ከላይ፣ «19» ከታች

ዎርድ ጭረትንም እንደ መቁረጫ ያያል። የመዝገብ ቁጥር፣ የዓመት ክልል፣ ጭረት ያለበት ስም ሁሉ እዚህ ይገባል። በጭረቱ ቦታ Ctrl+Shift ይዛችሁ የጭረቱን ቁልፍ ተጫኑ። በፍለጋ ሳጥን ውስጥ ምልክቱ ^~ ነው።

ከድረ ገጽ የተቀዳ የማይቆረጥ ጭረት (U+2011) ግን ይለያል። ብዙ ፎንቶች ውስጥ የለም። ጭረቱ ብቻ ወፍሮ ወይም ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ ይህ ነው። አጥፉትና በቁልፉ አስገቡት።

ምልክቱ፦ ድረ ገጽ ላይ «ዶ/» ከላይ፣ «ር» ከታች

ይህኛው ያናድዳል። ስፔሱ ታስሯል፣ ማዕረጉ ራሱ ግን ለሁለት ይከፈላል። የዩኒኮድ የመስመር አቆራረጥ ደንብ ከስላሽ በኋላ ፊደል ከመጣ መቁረጥን ይፈቅዳል። ስፔስ ላይ ስትደክሙ አትዋሉ፣ ጥፋቱ የስላሹ ነው። ከስላሹ በኋላ ወርድ ጆይነር የሚባለውን፣ ስፋት የሌለውን ምልክት አስገቡ፦

```html
ዶ/⁠ር አልማዝ
<span style="white-space:nowrap">ዶ/ር አልማዝ</span>
```

ሁለቱም ይሠራሉ። ኮዱን መንካት ከቻላችሁ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጽሑፉ ውስጥ የማይታይ ነገር አይተውም። የመጀመሪያው ይተዋል። ወርድ ጆይነር ያለበትን «ዶ/ር» አንዳንድ ፍለጋ አያገኘውም፣ «ጽፌዋለሁ እኮ፣ የት ሄደ?» ትላላችሁ።

ምልክቱ፦ አንቀጹ ሙሉ ከስልክ ስክሪን ወጥቶ ይሄዳል

ተቃራኒው በሽታ ነው። ከሌላ ቦታ ተቀድቶ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ ስፔሱ በሙሉ የማይቆረጥ ሆኖ ይመጣል። አሳሹ አንቀጹን እንደ አንድ ቃል ያየዋል። በ   ፈንታ ተራ ስፔስ ተክታችሁ፣ የሚያስፈልጉትን ብቻ መልሳችሁ እሰሩ።

ምልክቱ፦ ኤክሴል ውስጥ አንድ ዓይነት ሁለት ስም አይገጥሙም

አንዱ ተራ ስፔስ አለው፣ ሌላው የታሰረ። TRIM አያጸዳውም። ይህ ያጸዳዋል፦

```
=SUBSTITUTE(A1,UNICHAR(160)," ")
```

የስም ዝርዝር ከዎርድ ወደ ኤክሴል ስትወስዱ ይህን ቀመር VLOOKUP ከመጻፋችሁ በፊት አስኪዱት።