የእቁብ ብር ሲደርስ የባንክ ክፍያን ማቅለል

ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ እየነገዳችሁ ወርሃዊ የብድር ክፍያ ከከበዳችሁ፣ ጊዜው ይራዘምልን ከማለታችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ቀሪ ዕዳችሁ 300,000 ብር፣ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 36 ወር ቢሆን በወር 10,547 ብር ግድም ትከፍላላችሁ። ወደ 48 ወር ሲራዘም 8,502 ይሆናል፤ ነገር ግን 28,400 ብር ገደማ ተጨማሪ ወለድ አለው። እቁብ ደርሷችሁ 60,000 ብር ከዋናው ዕዳ ብትቀንሱ ግን፣ በዚያው 36 ወር ወርሃዊው 8,438 ይሆናል፤ ወለዱም በ15,900 ብር ገደማ ይቀንሳል። ወለድ የሚሰላው በቀሪው ዋና ዕዳ ላይ ስለሆነ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብሩን ሂሳቡ ውስጥ አስገብቶ ዝም ሲል ነው። ባንኩ ለመጪዎቹ ወራት ክፍያ ሊይዘው ወይም ጊዜውን ብቻ ሊያሳጥር ይችላል፤ ያኔ ወርሃዊው አይነካም። ስለዚህ «ከዋናው ብድር ይቀነስልኝ፣ ጊዜው ሳይለወጥ ወርሃዊ ክፍያዬ እንደገና ይሰላልኝ» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። አዲሱን የክፍያ ሰንጠረዥ ተቀበሉና ቀሪው ዋና ዕዳ 240,000 መሆኑን እዩ። ብሩን ክፍያ በተቆረጠ ማግስት አስገቡት፤ ካልሆነ ከፊሉ ለተጠራቀመ ወለድ ይሄዳል።

ውላችሁ ወለዱን ሁልጊዜ በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ የሚያሰላ ከሆነ፣ ወይም አስቀድሞ መክፈል ቅጣት ካለው ይህ ስሌት አይሠራም። 60,000ው ዕቃ መግዣችሁ ከሆነም አትንኩት፤ ማራዘሙ ይሻላል።