ቪዲዮን በአማርኛ ደብ ማድረግ፦ ቃልን ከከንፈር ጋር ማገጣጠም

ደብ ማድረግ፣ ማለትም የቪዲዮን ንግግር በሌላ ቋንቋ ድምፅ መተካት፣ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ማይክሮፎን ጋ ሳይሆን ስክሪፕቱ ላይ ነው። ለግርጌ ጽሑፍ የተሠራ ትርጉም ለንባብ ያማረ ይሆናል፤ ተናጋሪው አፍ ላይ ስታስቀምጡት ግን አይገጥምም። ስለዚህ ከቀረጻው ይልቅ ስክሪፕቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ ቪዲዮውን እዩት። አፉ ጎልቶ የሚታየው የትኛው ቦታ ላይ ነው? ተናጋሪው ጀርባውን ከሰጠ፣ ከሩቅ ከተቀረጸ ወይም ስክሪኑ ላይ እጁ ብቻ ካለ፣ ጅማሬውና መጨረሻው ከተስተካከለ በቂ ነው። ከባዱ ሥራ ፊቱ በቅርብ የሚታይበት ክሎዝ አፕ ላይ ነው። እነዚያን ቦታዎች ምልክት አድርጉባቸው።

ቀጥሎ ድምፁን ክፈቱና ዝምታዎቹን መዝግቡ። አፉ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ጻፉ፤ ተናጋሪው ባረፈበት ቦታ ሁሉ ጭረት (/) አድርጉ። ትንፋሽ ሲስብ ከታየም ያዙት፤ አማርኛው ላይም እዚያው ትንፋሽ መሰማት አለበት።

አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር እንሥራ። ዕቃ የሚጠግን ሰው በእንግሊዝኛ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ስዊች ኢት ኦፍ / ቢፎር ዩ ሪሙቭ ዘ ባትሪ»። የመጀመሪያው ክፍል አንድ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። እሱን ሲል ጣቱ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ አርፎ ወደ ባትሪው ይሄዳል።

ቶሎ የሚመጣልን ትርጉም «ባትሪውን ከማውጣታችሁ በፊት አጥፉት» ነው። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ግን ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ሆኖ ድምፁ ስለ ባትሪ ያወራል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ጭረቱ ላይ ለሁለት መክፈል ነው።

«መጀመሪያ አጥፉት / ከዚያ ባትሪውን አውጡ» ብንልስ? ቅደም ተከተሉ ተስተካከለ። አሁን ከንፈር እንይ። ብ፣ ም፣ ፕ እና ጵ ከንፈር ሳይገጥም አይወጡም፤ ተመልካችም ስህተት ቶሎ የሚነቃው እነሱ ላይ ነው። ፍ እና ቭ ላይ የታችኛው ከንፈር ጥርስ ይነካል፤ ይኼም ይታያል። «ስዊች ኢት ኦፍ» ውስጥ ከንፈር አንድ ጊዜም አይዘጋም፤ «መጀመሪያ» ግን ሁለት ጊዜ ያዘጋል፣ ርዝመቱም ብዙ ነው። «አጥፉት» ብቻ ካልን ደግሞ አጠረ፤ አፉ ያለ ድምፅ ይቀራል። «እዚህ ጋ አጥፉት» ስንል ግን ከንፈር አይዘጋም፣ ጊዜው ይበቃል፣ «ፉ» ከ«ኦፍ» መጨረሻ ጋር ይቀራረባል፣ ከጣቱም ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ከንፈሩ ሦስት ጊዜ ይገጥማል፦ «ቢ»፣ «ሙ» እና «ባ» ላይ። «በኋላ ባትሪውን ማውጣት ነው» የሚለው በ«በ»፣ በ«ባ» እና በ«ማ» ሦስቱንም ይሸፍናል። የመሃሉ ትንሽ ይቀድማል፤ እሱን ሲቀረጽ «በኋላ»ን ትንሽ በመሳብ ማስተካከል ይቻላል። «ቀጥሎ» ቢባል ለጆሮ ይሻል ነበር። ክሎዝ አፕ ካልሆነ እኔም እሱን እመርጣለሁ፤ ለከንፈር ተብሎ አማርኛው መንተባተብ የለበትም።

ከንፈር የሚዘጋበትን ቦታ ሁሉ ማገጣጠም አያስፈልግም። የመጀመሪያው፣ የመጨረሻውና ተናጋሪው ጠበቅ አድርጎ የሚለው ከያዘ ሌላው ይታለፋል። ድምፅ ከአፍ ቀድሞ ሲያልቅ መጥፎ ነው፤ አፍ ተዘግቶ ድምፅ ሲቀጥል ግን ይብሳል።

ሲቀረጽ አንባቢው ወረቀት ላይ አፍጥጦ አይቅር፤ መስመሩን ይያዝና ስክሪኑን እያየ ይበል። ከመስመሩ በፊት በአንድ አንድ ሰከንድ ልዩነት ሦስት ቢፕ አስገቡ፤ አራተኛው ይጠበቅ የነበረበት ቦታ ላይ ንግግሩ ይጀምራል።

ኤዲቲንግ ላይ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የድምፅ ሞገድ የሚጀምርበትን ነጥብ ይዛችሁ ድምፁን አታስተካክሉ። ከንፈሩ ተገጥሞ የሚከፈትበትን ፍሬም ፈልጉና «በ» ወይም «ማ» የሚፈነዳበትን ነጥብ እዚያ አስቀምጡ። በሰከንድ 25 ፍሬም ባለው ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከተጠራጠራችሁ ድምፁ በአንድ ፍሬም ይዘግይ እንጂ አይቅደም፤ የቀደመ ድምፅ ቶሎ ይታወቃል። መስመሩ ረዝሞ ካስቸገረ ሶፍትዌሩ በጥቂቱ ሊያፈጥነው ይችላል። ድምፁ ብረት ብረት ማለት ከጀመረ ግን አቁሙና ስክሪፕቱን እንደገና ጻፉ።

ይኼን ሁሉ ስትፈትሹ በብሉቱዝ ማዳመጫ አይሁን። ብሉቱዝ ራሱ ድምፁን ስለሚያዘገይ ትክክለኛውን ታበላሹታላችሁ። ገመድ ያለው ይሻላል።